ከበዓል በፊት የምትደርስ ይቅርታ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር ደብዳቤ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ ለበዓል አደርሳለሁ ያለውን ዕቃ ሳያደርስ ሲቀር ለደንበኛው በኢሜይል የሚጽፋት ይቅርታ ናት። እዚህ የማርቆስ አዳራሽ ውስጥ በቴሌግራም ልብስ የምትሸጡ፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ እያስመጣችሁ ለደምበጫ፣ ለሉማሜ፣ ለቢቸና የምታዳርሱ፣ ውጭ አገር ካለ ሰው ገንዘብ ተቀብላችሁ ለቤተሰቡ በግ የምታስገቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዕቃው የዘገየበት ደንበኛ እንዴት እንደሚናደድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የበዓል ይቅርታ ዋጋዋ ከቃሏ ይልቅ በምትደርስበት ሰዓት ነው። ደንበኛው ገና ሌላ ነገር ማድረግ በሚችልበት ሰዓት ከደረሰች ትረባለች። ከዚያ በኋላ የመጣች ግን የፈለገችውን ያህል ብታምር ለሱቁ የሕሊና ማስታገሻ እንጂ ለደንበኛው ምንም አይደለችም።

ይህን ከባሕር ማዶ በሆነ ነገር ልጀምር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እስከ መንግሥት ደርሶ በግልጽ የተመዘገበ ነው። በአውሮፓውያኑ 1999 የገና ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የኢንተርኔት ግዢ ገና አዲስ ነበር። ቶይዝ አር አስ የሚባለው ትልቁ የአሻንጉሊት ሻጭ በድረ ገጹ የሚጎርፈው ትእዛዝ ከዐቅሙ በላይ ሆነበት። ለገና ይደርሳል ተብሎ የተሸጠውን ዕቃ ሁሉ ማድረስ እንደማይችል ለብዙ ወላጆች የነገራቸው በዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ለካሳም የ100 ዶላር የግዢ ኩፖን ሰጠ። መቶ ዶላር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፤ ሱቆች ተራቁተው፣ ሰው ሁሉ ተሻምቶ በጨረሰበት ሰዓት ለአንድ አባት «ልጅህ የሚጠብቀው አሻንጉሊት የለም፤ ይኸው ኩፖን» ቢባል ምን ያደርግበታል? ከሁለት ሳምንት በፊት ቢነገረው ኖሮ ያለ ምንም ኩፖን ሄዶ ከሌላ ሱቅ ይገዛ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ሱቅና ሌሎች ስድስት ድርጅቶችን በዚሁ ጉዳይ ይዞ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው። የቶይዝ አር አስ ድረ ገጽ ድርሻ 350 ሺህ ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኮሚሽኑ የቀጣቸው መዘግየታቸውን ብቻ አይቶ አይደለም። በዚያ አገር በ1975 የወጣ ደንብ አለ። ሻጭ በገባው ቀን መላክ ካልቻለ ለገዢው ቶሎ ማሳወቅ፣ አዲስ ቀን መስጠት፣ ገዢው ካልፈለገ ደግሞ ሰርዞ ገንዘቡን የሚወስድበትን ምርጫ ማቅረብ ግዴታው ነው። የተቀጡት በወቅቱና በአግባቡ ስላላሳወቁ፣ አንዳንዶቹም ማድረስ እንደማይችሉ እያወቁ ትእዛዝ መቀበል ስላላቆሙ ነው። ስለዚህ በዚያ ሕግ ዓይን የመዘግየት ደብዳቤ ማለት ትሕትና ማሳያ ሳይሆን ምርጫ የምትሰጥ ሰነድ ናት። እኔም ዛሬ በዚህ ሚዛን ነው የምመዝናት።

ወደ አገራችን እንመለስ። ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ዘመድ በግና ዳቦ በኢንተርኔት ገዝተው መላክ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ኢትዮጊፍትን የመሰሉ ድረ ገጾች ያን ጊዜም ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጥቶ አገር ውስጥ ያለውም ሰው በስልኩ ከፍሎ ዕቃ ማዘዝ ለመደ። የክፍያው ነገር ሲቀል የመንገዱ ነገር ግን እንደነበረ ነው። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። መኪና ለተበላሸበት፣ ክረምት ናዳ ለገጠመው፣ ወይም መንገድ ለተዘጋበት ሾፌር ከዚያ በረሃ ሌላ አቋራጭ የለውም። የበዓል ሰሞን ደግሞ መናኸሪያው በመንገደኛ ይጨናነቃል፤ መጀመሪያ የሚጫነው ሰው ነው፣ ካርቶን ተራውን ይጠብቃል።

ሌላው ችግር በዓሎቻችን ራሳቸው ናቸው። የፋሲካ ዕቃ የሚያስፈልገው እሑድ ነው ብሎ ያሰበ ሱቅ ገና ከጅምሩ ተሳስቷል። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ቅቤው የሚነጠረው፣ ዶሮው የሚገነጠለው አስቀድሞ ነው፤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወጡ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ነጩ ቀሚስም ቅዳሜ ማታ ለቅዳሴ ሲወጣ የሚለበስ እንጂ እሑድ ረፋድ የሚመጣ አይደለም። ዓርብ ስቅለት ነው። እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ይውላሉ፤ ስልካቸው ቤት ቀርቷል ወይም ጠፍቷል። ያን ቀን አድራሹ ደውሎ ሲያጣቸው ሱቁ መዝገቡ ላይ «ተቀባይ አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የምትጻፈው ይቅርታ ጥፋቱን በስግደት ላይ በነበረች እናት ላይ ትደፋለች ማለት ነው። ይህን የሚያህል ነውር አላውቅም። ስለዚህ የፋሲካ ዕቃ እውነተኛ የመጨረሻ ሰዓቱ ሐሙስ ማታ ነው፤ ቢበዛ ቅዳሜ ጠዋት።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን እንሥራ። ሱቁም ሰዎቹም ለማስረዳት ያቆምኳቸው ናቸው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ቀኖቹ ግን የ2017 ፋሲካ ናቸው፤ ሚያዝያ 12 እሑድ የዋለው። ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት የማርቆስ ልጅ አዲስ አበባ ካለ የኢንተርኔት ሱቅ ለእናቷ ሁለት ነገር ታዛለች። አንደኛው ሽሮ ሜዳ የሚሰፋ የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ 45 ዶላር። ሁለተኛው በግ ነው፤ 95 ዶላር። በጉን የሱቁ ወኪል እዚሁ ማርቆስ ገዝቶ ያደርሳል። ለማድረሻ 10 ዶላር ጨምራ በካርድ 150 ዶላር ከፈለች። ሱቁም «ሁለቱም እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ጠዋት ይደርሳሉ» የሚል ማረጋገጫ ላከላት።

ሱቁ ለክፍለ ሀገር ትእዛዝ መቀበል ማቆም ከነበረበት ቀን አልፎ ተቀብሏል። የሰፊዎቹ እጅ አልደረሰም፤ ቀሚሱ ረቡዕ ከሚነሣው ጭነት ሳይገባ ቀረ። ሐሙስ ሚያዝያ 9 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ መዝገቡን ሲያይ ቀሚሱ ለበዓሉ እንደማይደርስ ያውቃል። ይቅርታዋ መጻፍ ያለባት በዚህች ሰዓት ነው።

ብዙ ሱቅ ግን በዚህች ሰዓት አይጽፍም። «እስቲ ነገ የሚሄድ መኪና ይገኝ ይሆናል» ይላል። ይህ ተስፋ ምን እንደሚያስከፍል በሰዓት እንቁጠረው። በሚያዝያ ዋሽንግተን ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት የተላከ ደብዳቤ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይገባል። ልጅቱ ነግቶ ስትነሣ ስታነበው እኛ ጋር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ የማርቆስ ሱቆች ክፍት ናቸው፤ ወኪሉም ሊታዘዝ ይችላል። ሱቁ አንድ ቀን ቢጠብቅና ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቢጽፍ ግን ለእርሷ ዓርብ ረፋድ ይሆናል፤ እዚህ ግን ስቅለት ነው፣ መሽቷል፣ ሱቅ ዘግቷል። ቀሚሱ በሁለቱም ቀን አልደረሰም፤ ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ መፍትሔ ሊኖራት መቻሉ ነው።

አሁን የተለመደችውን ደብዳቤ ላንብብላችሁ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ከየቢሮው በር ላይ ተለጥፋ አይተናታል።

«ውድ ደንበኞቻችን፣ በበዓሉ ምክንያት በተፈጠረው ከፍተኛ የትእዛዝ መብዛትና ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት አንዳንድ ዕቃዎች በወቅቱ ሊደርሱ አልቻሉም። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። ለቀጣዩ ግዢዎ የ10 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ። መልካም በዓል!»

ሳቃችሁ ተሰማኝ። እስቲ ምን እንደጎደላት እንይ። «አንዳንድ ዕቃዎች» ትላለች፤ የእኔ አለበት ወይስ የለበትም? ደንበኛዋ ይህን ለማወቅ መደወል አለባት፤ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ደግሞ ስልኩ አይነሣም። ስለዚህ ይህች ደብዳቤ ዕቃው በሰዓቱ የደረሰለትን ሰው ሳይቀር ታስደነግጣለች። «ለተፈጠረው መጉላላት» ስትል መጉላላቱን የፈጠረው ማን እንደሆነ አትናገርም፤ ራሱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ማለት ደግሞ ሰው ያልሰጠህን ወስደህ ማመስገን ነው። ስለ ቅናሹ በኋላ እመለስበታለሁ።

አብልጦ የሚያስቸግረኝ ግን «ከዐቅም በላይ» የምትለው ናት። ይህች ሐረግ በሕጋችን ውስጥ ቦታ ያላት ናት፤ ዝም ብላ የምትወረወር አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውን፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ጦርነት ሊሆን ይችላል፤ ያልታሰበ የተፈጥሮ አደጋ ሊሆን ይችላል። ፋሲካ ግን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ የሚታወቅ ቀን ነው። ፋሲካ ሲደርስ ትእዛዝ እንደሚበዛ ያላሰበ ነጋዴ አለ እንዴ? ስለዚህ መንገድ በእርግጥ ተዘግቶ ከሆነ የትኛው መንገድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ በስሙ ጻፉት፤ ደንበኛው ይረዳል፤ የዚህ አገር ሰው የመንገድን ነገር ያውቀዋል። የእኛ ሰፊዎች ካልደረሱ ግን ከዐቅም በላይ አትበሉ። አንዳንድ ነጋዴ «ጥፋቴን ከጻፍኩ ማስረጃ ይሆንብኛል» ብሎ ይሰጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠው ኢሜይል ማስረጃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን «እስከ ሚያዝያ 11 ይደርሳል» ያልንበት ማረጋገጫም በዚያው አዋጅ ማስረጃ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከደንበኛዋ ዘንድ አለ። የተሰወረ ነገር የለም።

እንግዲህ እኔ ብሆን ሐሙስ ጠዋት የምጽፋት ይህች ናት። የመልእክቱ ርዕስ፦ «ቀሚሱ ለፋሲካ አይደርስም፤ በጉ ቅዳሜ ይደርሳል»።

«የተከበሩ እኅታችን፣
ለእናትዎ ያዘዙት የሐበሻ ቀሚስ ለፋሲካ አይደርስም። እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ጠዋት እናደርሳለን ብለንዎት ነበር። ከሰፊዎቻችን ዐቅም በላይ ትእዛዝ ተቀብለን ቀሚሱ ረቡዕ ከሄደው ጭነት ሳይገባ ቀርቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።
በጉ ተገዝቶ ማርቆስ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እናትዎ ቤት ይደርሳል።
የማድረሻውን 10 ዶላር ዛሬ ወደ ካርድዎ መልሰናል፤ ባንክዎ ሒሳብዎ ላይ እስኪያስገባው ጥቂት የሥራ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።
ስለ ቀሚሱ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡልን፤ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ።
1. ወኪላችን ዛሬ ማርቆስ ካሉ ሱቆች ተመሳሳይ ቀሚስ ይፈልጋል፤ ፎቶውን እንልክልዎታለን። ከወደዱት ቅዳሜ ከበጉ ጋር ይደርሳል። ለዚህ መልስዎ በዋሽንግተን ሰዓት እስከ ዛሬ 10:00 AM ያስፈልገናል።
2. ያዘዙት ቀሚስ እስከ ዓርብ ሚያዝያ 17፣ ለዳግም ትንሣኤ ይደርሳል።
3. ቀሚሱን ሰርዘን 45 ዶላሩን እንመልሳለን።
እስከ ሰኞ ሚያዝያ 13 ካልጻፉልን 45 ዶላሩን መልሰን ቀሚሱን እንሰርዛለን።
ለእናትዎ ስለ ቀሚሱ ምንም አልነገርንም።
በዚህ መልእክት ላይ ቢመልሱ የምናነበው እኛው ነን።»

ረዘመች የሚል አለ? ከአንድ የስልክ ገጽ ብዙም አትበልጥም። እያንዳንዷ መስመር ለምን እንደገባች ጥቂት ልበል።

ርዕሷ መጥፎውን ዜና ደብዳቤው ሳይከፈት ትናገራለች። «ስለ ትእዛዝዎ ጠቃሚ መረጃ» የሚል ርዕስ ቢሰጣት ኖሮ ልጅቱ ሥራ ቦታ ሆና ለማታ ታቆየዋለች፤ ማታዋ ደግሞ እዚህ ዓርብ ንጋት ነው። ሰዓቱን በዋሽንግተን አቆጣጠር መጻፍም እንዲሁ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ለውጭ ሰው «3 ሰዓት» ብቻ ብትሉት በየትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ከእነርሱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጋር ተቀላቅሎ የቀረ ቀጠሮ ብዙ ነው። ለእናቲቱ በእኛ ሰዓት፣ ለልጅቱ በእርሷ ሰዓት፣ ነው ደንቡ።

አንደኛው ምርጫ የደብዳቤዋ እምብርት ነው። ዕቃ ሲዘገይ ነጋዴ ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቀረው ካርቶን ነው፤ እንዴት አድርጌ ላፍጥነው ይላል። የማርቆስ ደንበኛን የሚያድነው ግን ከዓባይ ወዲህ ያለው ነገር ነው። ማርቆስ ልብስ ሻጭ ሞልቶባታል። ወኪሉ በእግሩ ዞሮ ሁለት ሦስት ፎቶ ቢልክ፣ የዋጋ ልዩነት ቢኖር እንኳን ሱቁ ከኪሱ ቢችል፣ እናቲቱ ቅዳሜ ማታ ነጭ ለብሳ ትወጣለች። ትርፉ በዚያ ትእዛዝ ላይ ይጠፋ ይሆናል፤ ይጥፋ።

ሁለተኛው ምርጫ ላይ ደግሞ የቀን መቁጠሪያችን ራሱ አግዞናል። ፋሲካ ያመለጠው ልብስ ለዳግም ትንሣኤ ይለበሳል፤ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ የሚጠራበትና የሚጠያየቁበት ነው። ለገና ያመለጠ ደግሞ ለጥምቀት ይሆናል፤ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 አሥራ ሁለት ቀን አለ። ለእንቁጣጣሽ የቀረ ለመስቀል ይደርሳል። ስለዚህ «በሚቀጥሉት ቀናት ይደርሳል» ከማለት ቀጥሎ የሚመጣውን በዓል አስቡና እርሱን ቀን አድርጋችሁ ስጡ። ቀኑን ስትሰጡ ግን አታጥብቡት። ቀሚሱ ማክሰኞ ቢነሣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይገባል፤ እኔ ዓርብ ያልኩት ለዚህ ነው። አንዴ የዘገየ ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ ይቅርታ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ሽማግሌም ቢገባ አይሠራም።

ዝም ካሉ ገንዘቡን እንመልሳለን ያልኩት ብዙ ሻጭ የሚሸሸው መስመር ነው። የአሜሪካው ደንብ መዘግየቱ አጭር ከሆነ የገዢን ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጥረዋል፤ ለሌላ ዕቃ ይህ ትክክል ይሆናል። ለበዓል ዕቃ ግን እኔ አልስማማበትም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያልተፈለገ ቀሚስ እናቲቱ ቤት መግባት ለሱቁ ሽያጭ ነው፣ ለልጅቱ ግን እንደገና መቃጠል ነው። ሲመለስ ደግሞ በተከፈለበት ገንዘብ ይመለስ። በዶላር የተቀበለ ሱቅ በዚያን ዕለት ምንዛሪ በብር ልስጥ ካለ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ በኋላ፣ ደንበኛው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በመዘግየቱ አተረፈብኝ ይላል።

ቅናሹን አስቀርቻለሁ። «ለቀጣይ ግዢዎ 10 በመቶ» የምትለው ኩፖን ተበዳይ እንደገና ገንዘቡን ሲያወጣ ብቻ የምትከፈል ካሳ ናት። የቶይዝ አር አስን አባት አስታውሱ። መጀመሪያ ያላገኘበትን መልሱለት፤ ማድረሻውን ሳይጠይቅ መልሱለት። ከወር በኋላ የልብ ስጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ ለብቻው ስጡ።

ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ እናቲቱ። ኢሜይል የላት ይሆናል፤ ቢኖራትም አትከፍተውም። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜ የሚገባው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእርሷ በዚያው እንጽፋለን። ይህችም የራሷ ጥበብ አላት። በላቲን ፊደል የተጻፈ መልእክት እስከ 160 ፊደል በአንድ ይሄዳል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን አንዱ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ ይሄዳል፤ ሒሳቡም የሁለት ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ስልክም ተቆራርጦ ይገባል። እኔ የምልከው ይህ ነው፦

«እናታችን፣ ከልጅዎ የተላከው በግ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቤትዎ ይደርሳል። ስልክ»

ከዚያ አሥር አኃዝ የወኪሉ ቁጥር ይከተላል። ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ ሁሉም 60 ነው። ስለ ቀሚሱ አንዲት ቃል የለችም። ምናልባት ልጅቱ ቀሚሱን ድንገት ልታስደስታት አስባ ይሆናል፤ ያልነገረቻትን ከሱቅ ብትሰማ ሁለት ጊዜ በደልናት ማለት ነው። ቀሚሱን ለእናቷ የምትነግረው ወይም የማትነግረው እርሷ ናት። መልእክቱ ሐሙስ ማታ የሚላከው ደግሞ ዓርብ ስልክ ስለማይነሣ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቀጤማውን ይዘው ካህናት ከሚዞሩበት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ወኪሉ ቤቱን ዓርብ ማታ ወጥቶ ይለየው። «ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዝቅ ብሎ» የሚል አድራሻ ለማርቆስ ልጅ ይበቃል፤ በግ ለሚጎትት እንግዳ ግን አይበቃም።

አሁን ስለ አላላኩ። ሱቁ በዚያ ሐሙስ የሚጽፍለት ሰው አንድ ብቻ አይሆንም። መጋዘኑ በመጀመሪያ ትእዛዞቹን በሦስት ይለያቸው፤ የደረሱ፣ በመንገድ ላይ ሆነው ለቅዳሜ የሚገቡ፣ የማይገቡ። ይቅርታዋ የምትሄደው ለሦስተኞቹ ብቻ ነው፤ ለሁለተኞቹ «መንገድ ላይ ነው» የምትል ሁለት መስመር ትበቃለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ምንም። ሁሉን በአንድ የሚልክ ሱቅ ራሱ የራሱን ስልክ ያጨናንቃል። ከዚያ በነጻው የጂሜይል አድራሻ የሚሠራ ሰው በቀን ወደ 500 ተቀባይ ሲደርስ እንደሚታገድ ይወቅ፤ በበዓል ዋዜማ መታገድ ማለት ግማሹ ደንበኛ ሳይነገረው ቀረ ማለት ነው። ሌላ አደጋ ደግሞ አለ። የሁሉን አድራሻ በአንድ መስመር ደርድሮ የሚልክ ሰው የአንዱን ደንበኛ አድራሻ ለሌላው አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው፤ ይህ ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር ያጋጫል። የሚሻለው የትእዛዙ ስም፣ ቀንና ዋጋ የተለየባት ደብዳቤ ለየአንዳንዱ መላክ ነው፤ ሠላሳ ደብዳቤ ከሆነ ሁለት ሰው ተቀምጦ በእጁ ቢጽፈው ከሰዓት በፊት ይጨርሰዋል። «መልስ አይቀበልም» ከሚል አድራሻ ግን እንዳትልኩ፤ ምርጫ ሰጥቶ ጆሮ መድፈን ነው።

ከላካችሁ በኋላ ሥራው አላለቀም። መልሶቹ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይጎርፋሉ፤ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ «1» ብሎ ብቻ ይመልሳል። ለተቆጣው ደብዳቤውን እንደገና አትላኩለት፤ ስልክ ደውሉ። ደብዳቤዋ ሠርታ እንደሆነ የምታውቁት ስንት ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንዳለ በመቁጠር አይደለም። ሚያዝያ 17 ማታ ሁለተኛውን ምርጫ የመረጡትን ዝርዝር አውጥታችሁ ስንቱ በእጁ ገብቷል፣ የ45 ዶላሩስ ተመላሽ ስንቱ ባንክ ውስጥ ሄዷል ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ሳይደርስ የቀረ አንድ እንኳን ካለ ለእርሱ በዚያው ማታ ይደወላል።

ስለ ጥፋቱ መነሻም አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚህ ምሳሌ ሱቁ የወደቀው ረቡዕ ሳይሆን ትእዛዝ መዝጊያ ቀኑን ለአዲስ አበባና ለማርቆስ አንድ ያደረገ ዕለት ነው። ለቦሌ ደንበኛ ሐሙስ ድረስ ቢቀበል ሞተረኛ ይደርስለታል፤ ለማርቆስ ግን ከሰሙነ ሕማማት በፊት፣ ሆሣዕና ሳይደርስ መዝጋት ነበረበት። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ደግሞ ክረምት ነውና ጭጋጉም ናዳውም በረሃው ላይ አለ፤ እኔ በነሐሴ አጋማሽ እዘጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ ትእዛዝ ገጹ ላይ «ለመስቀል ይደርሳል» የሚል ይጻፍበት። ፈልጎ ያዘዘ ያዝዛል። ደጀን ላይ ወይም ማርቆስ ላይ ትንሽ ዕቃ አስቀድሞ ማከማቸት የሚችል ደግሞ ቀኑን ወደ በዓሉ ሊያስጠጋው ይችላል፤ ለዚህ ምን ያህል ካፒታል እንደሚያስር እያንዳንዱ ሱቅ ራሱ ማስላት አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በቴሌግራም ልብስ ከምትሸጡት ብንጀምር ደስ ይለኛል፤ እናንተ ኢሜይል ስለማትጠቀሙ ምርጫዎቹን በቻት እንዴት እንደምትሰጡ መስማት እፈልጋለሁ።